የማኅበር ተራ ደረሰኝ፦ ለ20 ሰው ወጪው የሚቀንስ፣ መሶቡ ግን የማይሳሳ ወጥ የትኛው ነው?

የግንፍሌዋ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። በሚመጣው ወር 12 የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ላይ ስለሚውል ፍስክ ነው። አባላቱ 20 ነን። ባለፈው ወር ተረኛ የነበረችው እህት ዶሮ ሠርታ ሁላችንም አመስግነን ወጣን፤ በሳምንቱ ግን ለቤት ኪራይ ልትበደር እኔ ዘንድ መጣች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዶሮ ወጥ ብሠራ ብዬ ያሰላሁት ይህ ነው። ዋጋው በዚህ ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢና በእሁድ ገበያ የጠየቅሁት ስለሆነ የእናንተ ሊለይ ይችላል። ሁለት ዶሮ 2,400፤ አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በ80 ብር 400፤ በርበሬ 300 ግራም 210፤ ቅቤ 400 ግራም 400፤ ዘይት ግማሽ ሊትር 140፤ 24 እንቁላል 480፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና መከለሻ 120። ድምሩ 4,150 ብር ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፣ ሁለቱ 24። ስለዚህ በሰው 173 ብር ገደማ ይሆናል። እንጀራውን ገና አልቆጠርኩም።

ሒሳቡ ትክክል ነው? ከዚህ የሚቀንስ፣ ግን እንግዳው ማዕዱ ላይ ሲቀመጥ «ቆጥባብናለች» የማያሰኝ ወጥስ አለ?

ቀመረኛው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ሒሳብሽ አያያዙ ጥሩ ነው። በተለይ የበርበሬውን 300 ግራም ብቻ መቁጠርሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው አንድ ኪሎ ገዝቶ የኪሎውን ዋጋ ሙሉ በአንድ ድግስ ላይ ይጭንና «ወጥ ተወደደ» ይላል። የተረፈው በርበሬ የሚቀጥለው ወር ወጥ ነው፣ የዚህ አይደለም።

መቀነሻው ግን ቀላል ነው። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ምን ያደርጋል? በግማሽ ቀንሺው፣ እንዳይቀጥን ሁለት ማንኪያ ሽሮ በጥብጠሽ ጨምሪበት። ሽንኩርቱንም በ80 አትግዢ፤ ትንንሹ በ70 ይገኛል። ከዚያ ጠቅላላውን ለሰው ቁጥር ማካፈል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ካዛንቺስ ምሳ ቤት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ወጪሽ 173 ከሆነ በ173 ብትሸጪ ከስረሻል። እኛ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ በሦስት አባዝተን ነው የምንሸጠው፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አስተናጋጅ አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ። 520 ብር በይው። ዶሮ ወጥ በዚያ ዋጋ የሚበላ ሰው በአካባቢሽ መኖሩን ደግሞ ቀድመሽ አጣሪ።

የግንፍሌዋ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

ወንድሜ፣ የምሸጠው ነገር የለም። የጽዋ ማኅበር ነው፣ ሰው በነፃ ነው የሚበላው።

ካዛንቺስ ምሳ ቤት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡14

ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው የመለስኩት። እንግዲያው አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ልንገርሽ፤ እንጀራውን «ገና አልቆጠርኩም» ብለሽ አትለፊው። በእኛ ቤት ሽሮው የቀጠነ ቀን «እንጀራ ጨምሪልኝ» የሚለው ሰው ይበዛል። ቀጭን ወጥ በእንጀራ አይያዝም፤ እንጀራው እየራሰ ያልቅና ወጡ ይተርፋል። የእኛ እንጀራ አንዱ 25 ብር ይገባል። በሽሮው ላይ ሦስት ብር አትርፌ በእንጀራ 25 የከፈልኩበትን ቀን አልረሳውም።

ባለጭልፋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ፣ እኔ ድግስ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በኋላም አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ሒሳብሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድምሩ ልክ ነው፤ የተሳሳትሽው ማካፈያው ላይ ነው።

ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፣ እውነት ነው። ግን 12 ብልት ማለት 12 ሰው ማለት አይደለም። ባልሽ ወይም ልጅሽ ቢሆን አንገቱንም ጀርባውንም ይበላል። ማኅበር ላይ ግን ለአንዷ ፈረሰኛ፣ ለአጠገቧ ደግሞ አንገት ታወጫለሽ? መላላጫ የደረሰው ሰው ደስ ይለዋል፤ የክንፍ ጫፍ የደረሰችው እናት ምንም ሳትናገር ትሄዳለች፣ ነገር ግን አትረሳውም። እኔ በተሞክሮዬ ከአንድ ዶሮ ሳላፍር እንግዳ ፊት የማወጣው ስምንት ብልት ነው። ሌላው ድስቱን ያጣፍጣል፤ ማታ ደግሞ የቤት ሰው ይበላዋል።

ስለዚህ ሁለቱ ዶሮ 24 ሳይሆን 16 ሰው ነው የሚያስተናግደው። አንቺ 20 አለሽ። ሦስተኛ ዶሮ ያስፈልግሻል። እሱም ለብቻው አይገባም፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤና ዘይት ይዞ ነው የሚገባው፤ በራስሽ ዋጋ ሳሰላው 1,700 ብር ነው። 4,150 ላይ ሲጨመር 5,850፤ ለ20 ሲካፈል በሰው 292 ብር። 173 ያልሽው ዶሮ ይህን ያህል ነው። ያቺ ገንዘብ የተበደረችሽ እህትም የተሳሳተችው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ምንቸት አብሽ ሥሪ። የተከተፈ ሥጋ ብልት የለውም፤ የሁሉም ሰው ጭልፋ እኩል ነው። ላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ እንቁላል አስቀምጪ። እንግዳ ሽንኩርት አይቆጥርም፣ ቅቤ አይመዝንም፤ እንቁላል ግን ይቆጥራል። 20 ብር የምታወጪበት እንቁላል 50 ብር ከምታወጪበት ተጨማሪ ሥጋ የበለጠ ይታያል።

ለ20 ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ፣ አራት ኪሎ ሽንኩርት፣ 250 ግራም በርበሬ፣ 300 ግራም ቅቤ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ 20 እንቁላል ውሰጂ፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ አብሹና መከለሻው። ሥጋው በ1,000 ብር ሒሳብ፣ ቅመማ ቅመሙ 125 ብር ብትይው ስንት ይመጣል?

የግንፍሌዋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡02

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥጋ 1,500፣ ሽንኩርት 320፣ በርበሬ 175፣ ቅቤ 300፣ ዘይት 140፣ ቅመም 125፣ እንቁላል 400። ድምሩ 2,960፤ በሰው 148 ብር። የዶሮው ግማሽ ማለት ነው!

ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። አሁን እኔ የማካፍለው ለ20 ነው እንጂ ድስቱ 20 ሰው ይብቃ አይብቃ አላውቅም። እንደ ዶሮው ብልት ተቆጥሮ የሚታይ ነገር የለውም።

ባለጭልፋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጎበዝ፣ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ወጥ ለሰው አይካፈልም፣ ለጭልፋ ነው የሚካፈለው። ከዚያ ለአንድ ሰው ስንት ጭልፋ እንደምታወጪ አንቺ ትወስኛለሽ።

በዚህ ሳምንት ለቤትሽ ሩቡን ሥሪ። 375 ግራም ሥጋ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሌላውም በአራት ተካፍሎ። ባዶውን ድስት መዝኚ፣ ወጡ ሲበስል ድስቱን እንደገና መዝኚ፤ ልዩነቱ ወጡ ነው። ከዚያ በድግሱ ቀን የምትጠቀሚበትን ጭልፋ ይዘሽ፣ ሞልቶ ሳይፈስ ስንት ግራም እንደሚይዝ እይ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለሽ ጭልፋውን እየቆጠርሽ ወደ ሌላ ድስት ገልብጪው፤ እሱም ያው ነው።

ቀመረኛው ላሉት ደግሞ መልስ አለኝ፣ ምሳ ሰዓት እመለሳለሁ።

አራዳው · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5፡20

ለቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በግራም! እናቶቻችን ጭልፋ ሳይመዝኑ ስንት ሰው አብልተዋል። በረከቱ ይጠፋል።

የግንፍሌዋ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5፡31

እናቴም ሳትመዝን ነበር የምታበላው። ግን ሽንኩርቱ አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ በእግር ወርዳ በጆንያ የምትገዛው ነበር። በ2012 ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ እኔ በኪሎ ነው የምገዛው። በኪሎ የገዛሁትን በኪሎ ባስበው ሚካኤል የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ባለጭልፋ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ቀመረኛው፣ የበርበሬውን ነገር ትክክል ብለዋል። ሽንኩርቱ ላይ ግን አልስማማም።

ቀይ ሽንኩርት የወጡ ሥጋ ነው። አራት ኪሎው ተልጦ፣ ተቁላልቶ፣ ውሃው ሲሄድለት ከ1.8 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ግማሹን ብትቀንሱ ድስቱ ውስጥ የሚጎድለው 900 ግራም ገደማ ቁሌት ነው፤ በእኔ ጭልፋ ሰባት ጭልፋ። ያተረፋችሁት 160 ብር ነው። ያጣችሁት ሰባት ጭልፋ ደግሞ እንቁላሉን ሳንቆጥር እያንዳንዱ 64 ብር ቢያወጣ 448 ብር ነው። ድስቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ጭልፋ በርካሽ የሚሞላው ሽንኩርቱ ነው፣ እናንተ የቀነሳችሁት እሱኑ ነው። በተጨማሪም በርበሬው የሚያርፍበት ሲያጣ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ዘይቱም ከላይ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ሽሮ የተጨመረበት ምንቸት ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደ ገንፎ ይቆማል፣ እንግዳ ወዲያው ያውቀዋል።

የ70 ብሩም ሽንኩርት እንደዚሁ ነው። ትንንሽ ሽንኩርት ብዙ ልጣጭ አለው፤ የበቀለና የበሰበሰም አይጠፋውም። እኔ ስልጠው ሩቡ ይሄዳል። 70 ብር ከፍለሽ 750 ግራም ስታገኚ ንጹሑ ኪሎ 93 ብር ደረሰ። የ80 ብሩ ጥሩ ሽንኩርት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው የሚሄደው፣ ንጹሑ ኪሎ 89 ብር። አራት ኪሎ ትንንሽ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት እንባ ሳይቆጠር።

መቆጠብ ከፈለግሽ በዘይቱ ላይ ቆጥቢ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አቁላዪው፣ ውሃው እስኪጠፋና ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ፤ ዘይቱን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። ገና ውሃ ባለው ሽንኩርት ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው «አነሰኝ» እያለ ይደግማል።

ቀመረኛው · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡02

የልጣጩን አላሰብኩትም፣ እቀበላለሁ። ሽሮውን በተመለከተ ግን ባለቤቴ ዘንድ ለዓመታት በልቼዋለሁ፣ እስካሁን ገንፎ ሆኖ አላየሁትም።

የስድስት ኪሎ ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ማኅበርም የለኝም። ሽሮ በሠራሁ ቁጥር ግን ከምሳ ቤት የሚበልጥ ወጪ ይመስለኛል። አንድ ሽንኩርት፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ሽሮ፤ ከዚያ አንድ ሰሃን በልቼ የድስቱን ታች ለማጠብ ውሃ እነክራለሁ። ይህም በጭልፋ ይሰላል?

ካዛንቺስ ምሳ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ተማሪው፣ ችግርህ ያ የምታጥበው ነው። ትንሽ ድስት ላይም ትልቅ ድስት ላይም ታች የሚቀረው ተቀራራቢ ነው። ከሁለት ጭልፋ ውስጥ ግማሽ ጭልፋ ታች ቢቀርህ ሩብ ገንዘብህን በውሃ አጠብከው። ቁሌቱን በሦስት እጥፍ አቁላልተህ በማቀዝቀዣ አስቀምጥ፤ ሽሮውን ግን በየቀኑ ትኩስ ሥራ። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የስድስት ኪሎ ተማሪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡58

ማቀዝቀዣ የለኝም።

ካዛንቺስ ምሳ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡04

እንግዲያው ከጎረቤት ተማሪ ጋር ተራ ግቡ፤ አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እሱ።

የግንፍሌዋ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ሩቡን ሠራሁ። ባዶው ድስት 1.1 ኪሎ፣ ከነወጡ 2.4 ኪሎ። ወጡ 1.3 ኪሎ ነው ማለት ነው። ጭልፋዬ 130 ግራም ይይዛል፤ አሥር ጭልፋ። በአራት ሲባዛ 40፣ ለ20 ሰው ሁለት ሁለት ጭልፋ። በዚህ ሒሳብ አንድ ጭልፋ 64 ብር፣ ሁለቱ 128፣ ከነእንቁላሉ 148 ብር ያው ወጣልኝ። ባለቤቴ ሁለት ጭልፋ ከአንድ እንጀራ ተኩል ጋር በልቶ «በቃኝ» አለ፤ እሱ ደግሞ ትንሽ የሚበላ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የተቆለለ ጭልፋና ያልተቆለለ ጭልፋ እኩል አይደለም። እኔ ሳወጣ 130 ነበር፤ ባለቤቴ ለራሱ ሲያወጣ ተራራ አደረገው፣ መዘንኩት፣ 190።

ባለጭልፋ · እሑድ፣ ከቀኑ 11፡05

ይኸውልሽ፣ ድስት የሚያልቅበት ምክንያት ይህ ነው። በድግሱ ቀን ጭልፋውን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ከአንቺ ወይም ከእህትሽ እጅ አይውጣ። እንግዳው ራሱ ያውጣ የምትዪ ከሆነ ትንሹን ጭልፋ አስቀምጪ፤ ሦስት ጊዜ ያወጣል፣ ብዙ የበላም ይመስለዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድስቱ አራት እጥፍ ሲሆን ውሃው አራት እጥፍ አይሆንም። ትልቅ ድስት ላይ ውሃው ቶሎ አይተንንም፤ ባበዛሽው ቁጥር ይቀጥንብሻል፣ የካዛንቺሱ ወንድማችን እንዳለው እንጀራሽን ይበላዋል። በትንሹ ጀምረሽ እያየሽ ጨምሪ። ሽንኩርቱ ደግሞ ሩቡ በፈጀበት ጊዜ አይቁላላም፤ ከንጋቱ በፊት ተነሺ።

ጎን ለጎን ጎመንና አይብ አድርጊ። ጎመን ድስት ውስጥ ሲገባ ተራራ ነው፣ ሲበስል እፍኝ፤ ስለዚህ ያሰብሽውን እጥፍ ግዢ። ርካሽ ስለሆነ አይጎዳሽም። ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ የተቀመጠበት እንጀራ ቀይ ብቻ ከተቀመጠበት የሞላ ይመስላል።

አራዳው · እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡40

ቆይ፣ አምስት ስድስት ዓይነት ወጥ ብታደርጊውስ? በየዓይነቱ ማለት የመሶብ ሙላት ነው፣ አተርና ምስር ደግሞ ከሥጋ ይረክሳል።

ባለጭልፋ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ለየብቻ ሲታይ ይረክሳል። ነገር ግን ስድስት ድስት ማለት ስድስት ቁሌት፣ ስድስት ዘይት፣ ታች የሚቀርም ስድስት ጊዜ ነው። ስንት ዓይነት ላይ ማቆም ይገባል ለሚለው እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም፤ ለኮንዶሚኒየም ምድጃ ግን ሦስት ይበቃል።

የግንፍሌዋ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ትናንት ማኅበሩ ነበር፤ ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሣሁ፤ ሽንኩርቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ውሃ የጨመርኩት በሩቡ ከጨመርኩት ሁለት እጥፍ ተኩል ብቻ ነው፣ በቃው። ወጡ ተመዝኖ 5 ኪሎ ከ100 ግራም ወጣ፤ ካሰብኩት 100 ግራም ቀነሰ። ታች የቀረው አንድ ጭልፋ ገደማ ነው። ሥጋው ግን 1,000 ብር ያልኩት በበዓል ሰሞን 1,080 ሆኖ ጠበቀኝ፣ 120 ብር ጨመርኩ።

የመጣው ሰው 20 ሳይሆን 23 ነው፤ ሁለቱ እህታቸውን ይዘው፣ አንዷ ልጇን። እንቁላል 24 ቀቅዬ ስለነበር አልጎደለም። እህቴ ጭልፋውን ይዛ የመጀመሪያውን ዙር ለሁሉም አንድ አንድ ጭልፋ አወጣች፤ ቀጥላ «ይጨመርልዎ» እያለች ዞረች። ስምንት ሰው አልጨመረም። ለማታ ለራሳችን ተረፈ። እንጀራ 50 አዝዤ 44 አለቀ።

እንጀራውን፣ ጎመኑንና አይቡን ጨምሬ ሳካፍለው ለመጣው ሰው ሁሉ 204 ብር ገባ። በዶሮው ሒሳብ ለ23 ሰው የሚያስፈልገውን አስቤ ዝም አልኩ።

አንዲት እናት ግን ሲወጡ እጄን ይዘው «በጣም ጣፈጠ ልጄ፣ ዶሮውን ግን በሚመጣው ጊዜ» አሉኝ። ምን ልመልስ ኖሯል?

አራዳው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

አልኩሽ አይደል!

ባለጭልፋ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ተራሽ እንደገና እስኪደርስ 20 ወር ነው፤ «እሺ እማማ» በያቸው። የቀረውን ምንቸት ነገ ጠዋት በፍርፍር አድርጊው፣ ልጆቹ ይወዱታል።

የስድስት ኪሎ ተማሪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ከጎረቤቴ ጋር ተራ ገባን። ዛሬ የእሱ ቀን ነው፤ ጭልፋ የለውም፣ በሻይ ብርጭቆ ነው ያወጣው። ሞልቶ ስንት ግራም ይይዛል?